የተነካካ ስቴትመንት ምንድን ነው? በምንስ ይታወቃል?

ቤት አከራዩ፣ ብድር የሚሰጠው ማኅበር፣ ዕቃ በዱቤ የሚያስረክበው ነጋዴ፣ ሁሉም አንድ ቀን የባንክ ስቴትመንት በእጃቸው ይገባል። የተነካካ ስቴትመንት የሚባለው ከባንክ በትክክል ወጥቶ ኋላ አንድ ወይም ጥቂት ቁጥር የተቀየረበት ነው። ከባዶ የተፈበረከም አለ፤ ለማየት የሚከብደው ግን ቁጥር ብቻ የተቀየረበት ነው። አርማው እውነተኛ ነው፣ የሂሳብ ቁጥሩ እውነተኛ ነው፣ ማኅተሙም ሊኖር ይችላል። ውሸቱ ያለው በአንዲት አኃዝ ላይ ነው።

እሷን አኃዝ ለማግኘት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካልኩሌተር ነው። ስቴትመንት ሰንሰለት ነው፦ በእያንዳንዱ መስመር የቀደመው ባላንስ ላይ ክሬዲቱ ተደምሮ፣ ዴቢቱ ተቀንሶ አዲሱ ባላንስ ይወጣል። የባንኩ ሲስተም በዚህ አይሳሳትም። አንድ ቁጥር የነካ ሰው ግን ከዚያ በታች ያለውን ባላንስ ሁሉ፣ መስመር በመስመር፣ ማስተካከል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የፌብሩዋሪ 2024 ስቴትመንት በ18,420.50 ብር የዞረ ሂሳብ ይጀምራል። በ2ኛው ቀን 44,300.00 ደመወዝ ገባና ባላንሱ 62,720.50 ሆነ። 6,000.00 ወጣ፤ 56,720.50። 2,150.00 ተላለፈ፤ 54,570.50። የመጀመሪያው ገጽ እዚህ ያልቃል፣ እስከዚህ ድረስም ሂሳቡ ልክ ነው። ሁለተኛው ገጽ ሲገለጥ ግን ከላይ የዞረው ሂሳብ 24,570.50 ይላል። ከዚያ 1,800.00 ገቢ ሆኖ መዝጊያው 26,370.50 ነው።

በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ድፍን 30,000.00 ነው። ይህ ልዩነት ራሱ ብዙ ይናገራል። አሁን ወደ ላይ ተመልሶ በአንድ አኃዝ ለውጥ 30,000 ሊያመጣ የሚችል መስመር መፈለግ ነው፤ 14,300 ላይ 1 ወደ 4 ቢቀየር 44,300 ይሆናል፣ ጭማሪውም ልክ 30,000 ነው። ማረጋገጫው ደግሞ በስቴትመንቱ ግርጌ ይገኛል። ጠቅላላ ክሬዲት 16,100.00 ተብሎ ተጽፏል፣ መስመሮቹን ብንደምር ግን 46,100.00 ይመጣል። በ16,100.00 ብንሠራ 18,420.50 ሲደመር 16,100.00 ሲቀነስ 8,150.00 በትክክል 26,370.50 ይሆናል። ሰውዬው የመጀመሪያውን ገጽ አስተካክሎ ሁለተኛውንና ድምሩን ረስቷቸዋል።

ሰንሰለቱ የሚሰበርበት መንገድም የተነካውን ቦታ ያሳያል። የገባው ወይም የወጣው ገንዘብ ብቻ ተቀይሮ ከሆነ ሂሳቡ የሚሰበረው በዚያ አንድ መስመር ላይ ነው። ባላንስ ብቻ ተቀይሮ ከሆነ ግን ሁለት መስመር ላይ ይሰበራል፦ ወደ እሱ ሲገባ በአንድ መጠን ይበልጣል፣ ከእሱ ሲወጣ በዚያው መጠን ያንሳል።

ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ሊያስተካክል ይችላል። ያኔ ወለዱን እዩ። ወለድ የሚከፈልበት የቁጠባ ሂሳብ ከሆነ፣ ባንኩ ወለዱን ያሰላው በእውነተኛው ባላንስ ነው። ወለዱ በዓመት 7% ሆኖ ለወሩ 145.83 ብር ቢከፈል፣ በ12 አባዝተን በ0.07 ስናካፍል ወደ 25,000 ብር ይመጣል። ወሩን ሙሉ ከ54,000 በታች ወርዶ የማያውቅ ስቴትመንት ላይ ይህ ወለድ ሊገኝ አይችልም፤ ከ315 ብር ማነስ አልነበረበትም። አንዳንድ ባንክ በዕለታዊ ባላንስ፣ አንዳንዱ በወሩ ዝቅተኛ ባላንስ ስለሚያሰላ የሳንቲም መመሳሰል አይጠበቅም፤ ከወለዱ ላይ ግብር ተቆርጦ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። በግማሽ የሚያንስ ወለድን ግን ይህ አያስረዳውም።

ቀጥሎ የፊደሉ ቅርጽ ነው። ስክሪኑ ላይ 400% አጉልታችሁ የባላንሱን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። በሲስተም የታተሙ አኃዞች ብዙውን ጊዜ እኩል ስፋት ስላላቸውና በቀኝ በኩል ስለሚሰለፉ፣ የሳንቲሙ ነጥብ በሁሉም መስመር አንዱ ከሌላው ሥር ይወድቃል። አንዱ ነጥብ በፀጉር ያህል ወደ ጎን ከወጣ እዚያ ቆም በሉ። በምሳሌያችን 44,300 ውስጥ ሁለት 4 አለ። ሁለተኛው የባንኩ ነው፣ የመጀመሪያው የተጨመረ። አጠገብ ለአጠገብ ሲታዩ የአንዱ አናት የተዘጋ፣ የሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንዱ ወፈር ብሎ፣ ወይም ጥቁረቱ ለየት ብሎ፣ ወይም ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ከአኃዙ ዙሪያ ያለው ነጭ ከወረቀቱ ነጭ የተለየ ከሆነ፣ ወይም የሠንጠረዡ መስመር እዚያ ጋ ከተቆረጠ፣ አሮጌው ቁጥር ተሸፍኖበታል ማለት ነው። ስካን በተደረገ ወረቀት ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ፈልጉ፦ ሁለት 4 እስከ ቀለም ነጠብጣባቸው ድረስ አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው፤ እውነተኛ ኅትመት እንዲህ አይመሳሰልም።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ሆኖ በቀጥታ ከባንክ የመጣ ነው ከተባለ፣ ውስጡን ማየት ይቻላል። አዶቤ ሪደር ላይ Ctrl+D ተጭኖ Fonts የሚለውን መክፈት ነው፤ በትእዛዝ መስመር ለሚሠራም፦

```
pdffonts statement.pdf
pdfinfo statement.pdf
```

ገጹ በሙሉ በአንድ ፎንት ተጽፎ ሳለ ለጥቂት አኃዝ ብቻ ሌላ ፎንት ከተጨመረ፣ ወይም የተሻሻለበት ቀን (ModDate) ከተፈጠረበት ቀን ብዙ ዘግይቶ ከታየ ጥያቄ ያስነሳል። በስልክ ስካን የተደረገ ወይም እንደገና ፕሪንት ተደርጎ ፒዲኤፍ የሆነ ፋይል ግን ይህን መረጃ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሙሉ መስመር ከተጨመረ ደግሞ የግብይት መለያ ቁጥሩ ያጋልጣል። እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ ባንኮች ላይ ዝውውር FT ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይይዛል። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ፣ ተከታዮቹ ሦስቱ በዓመቱ ውስጥ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ናቸው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 በዓመቱ 33ኛ ቀን ስለሆነ ቁጥሩ FT24033 ብሎ ይጀምራል። ማርች 14 ላይ ገባ የተባለ ገንዘብ FT24033 ይዞ ከተገኘ፣ መስመሩ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ እዚያ 074 መሆን ነበረበት። በበዓልና በእሑድ ምክንያት የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ የ41 ቀን ግን አይኖርም።

ሰውን ሐሰተኛ ከማለት በፊት ሁለት ነገር መመርመር አለበት። በመካከል የጎደለ ገጽ ሰንሰለቱን ይሰብረዋል፤ የገጽ ቁጥሩን ቁጠሩ። ተሳስቶ ገብቶ የተመለሰ ሂሳብም ቅደም ተከተሉን ሊያዛባ ይችላል። ይህ ሁሉ ታይቶ ልዩነቱ ካልተፈታ፣ ባለ ሂሳቡ አብሮ ቅርንጫፍ ሄዶ አዲስ ስቴትመንት ፊት ለፊት ያስወጣ፤ ካልተመቸም በፈቃዱ ቅርንጫፉ ይጠየቅ። ሲደወል ግን ወረቀቱ ላይ በታተመው ስልክ አይደለም፤ ወረቀቱን የነካ እጅ ስልኩንም ሊነካ ይችላልና ቁጥሩ ከባንኩ ራሱ ይወሰድ።