«ያው ቦርሳ» ሲሉት ሌላ ቦርሳ ለምን ይመጣል?

«በቪዲዮው የመጀመሪያ ሾት ላይ ቦርሳውን ለመተግበሪያው በዝርዝር ገልጬዋለሁ። ለቀጣዩ "ያው ቦርሳ" ካልኩት ይበቃዋል።»

አይበቃውም። ከጽሑፍ ቪዲዮ የሚሠሩት መተግበሪያዎች በአብዛኛው እያንዳንዱን ሾት ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ቅድም የሠሩትን አያስታውሱም። «ያው» የተባለው የትኛው እንደሆነ ስለማያውቁ ደስ ያላቸውን ቦርሳ ያመጣሉ።

ደሴ ፒያሳ ላይ የቆዳ ቦርሳ የሚሸጥ ሰው ሦስት ሾት ያላት አጭር ማስታወቂያ ፈለገ እንበል። ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እጅ ክዳኑን ሲከፍት፣ ከዚያ አንዲት ሴት ከጠረጴዛው አንስታ ትከሻዋ ላይ ስታንጠለጥለው። ለዚህ የሚያስፈልገው የማይነካ አንቀጽ ነው፦

```
A small rectangular shoulder bag, matte dark
chestnut-brown leather, one front flap, one square
brass buckle in the center, cream edge stitching.
Wooden table, window on the left, white wall behind,
soft overcast daylight.
```

ይህ በሦስቱም ሾቶች ላይ እንዳለ ኮፒ ይደረጋል። የሚቀየረው ከሥሩ የምትጨመረው የድርጊትና የካሜራ መስመር ብቻ ናት። ጽሑፉን ለማሳመር አትሞክሩ። አንድ ቦታ «ጠቆር ያለ ቡናማ»፣ ሌላ ቦታ «ደማቅ ቡናማ» ካላችሁ ሁለት ቀለም አዛችኋል። «አንድ» የሚለው ቁጥርም ለጌጥ አልገባም። ዘለበቱን ሳትቆጥሩ ከተዋችሁት በአንዱ ሾት አንድ፣ በሌላው ሁለት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የቆዳው ወለል ደብዛዛ መባሉም ምክንያት አለው፤ የሚያብረቀርቅ ቆዳ የአካባቢውን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ በየሾቱ ይለዋወጣል።

አንድ ወጥመድ አለ። ይህ አንቀጽ የሚያወራው ስለ ቦርሳው ፊት ብቻ ነው። ሴትየዋ ዞር ብላ ጀርባው ከታየ መተግበሪያው ከራሱ ፈጥሮ ኪስ ወይም ዚፕ ይለጥፍበታል። ወይ ጀርባውንም ግለጹ፣ ወይ ካሜራውን ከፊት አታንቀሳቅሱ።

«ቀለሙን በኮድ ከሰጠሁት አይሳሳትም።»

`#5A3A22` ብላችሁ መጻፍ ለዲዛይን ሶፍትዌር ይሠራል። እዚህ ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚነበብ ትክክለኛውን ቀለም እንደሚያመጣ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። የቀለሙን ስም ከቁሱ ጋር አጣምሮ መጻፍ ይሻላል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቀለሙ ስም ሳይሆን ብርሃኑ ነው። የደሴ ጉም ያለበት ጠዋትና የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ አንዱን ቦርሳ ሁለት ያስመስሉታል፤ በእውነተኛ ካሜራም ቢሆን። በአንዱ ሾት ላይ «የጀንበር መጥለቂያ» ከጻፋችሁ ቡናማው ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል።

ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለመለየት ከየሾቱ አንድ አንድ ምስል አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ ቦርሳውን ትታችሁ ነጩን ግድግዳ እዩ። ግድግዳውም ቢጫ ከሆነ ብርሃኑ ነው የተቀየረው፤ ይህ በኤዲቲንግ ይስተካከላል። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቦርሳው ብቻ ከተቀየረ ግን ሾቱን እንደገና ማውጣት ይሻላል። ነጭ ግድግዳ አንቀጹ ውስጥ የገባው ለዚህም ጭምር ነው።

«ደሴ ብዬ ከጻፍኩ ደሴን ያወጣዋል።»

አንዳንዴ የሆነ የአፍሪካ ከተማ ያወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ የትም ያልሆነ። ስለ ደሴ የተማረው ምስል ጥቂት ከሆነ ስሙ ብቻ ብዙ አይነግረውም። በመስኮቱ በኩል የደሴው የጦሳ ተራራ እንዲታይ ከፈለጋችሁ የሚታየውን ጻፉ፦ ከቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አረንጓዴ ተራራ፣ አናቱ ላይ ጉም። ያም ሆኖ ጦሳን ራሱን አይሰጣችሁም። የሚመስል ተራራ ነው የምታገኙት፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ወዲያው ያውቅባችኋል። ስለዚህ እኔ ብሆን መስኮቱን በግራ አስቀምጬ ውጪውን ደብዘዝ አደርገዋለሁ።

«ሲድ ቁጥሩን ካልቀየርኩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል።»

ሲድ የሚወስነው መተግበሪያው የሚነሳበትን የዘፈቀደ ነጥብ ነው። ጽሑፉን ስትቀይሩ ውጤቱም አብሮ ይቀየራል። አንድ ማድረጉ አይጎዳም፣ ግን የቦርሳ መታወቂያ አይደለም።

«ለመተግበሪያው የምጽፈው ፕሮምፕት ጥሩ ከሆነ ፎቶ አያስፈልግም።»

ለምናባዊ ቦርሳ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሚሸጥ ቦርሳ ግን አይሆንም። ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢዘረዘር የሚያመጣው የሚመሳሰል ቦርሳ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በቪዲዮ ያየውን ነው ሱቅ መጥቶ የሚጠይቀው። መተግበሪያው ምስል የሚቀበል ከሆነ፣ እውነተኛውን ቦርሳ በነጭ ግድግዳ ፊት በመስኮት ብርሃን አንሱትና እንደ መነሻ ፍሬም ስጡት። ያኔ ስለ ቀለሙና ቅርጹ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ የምትጽፉት በዋናነት እንቅስቃሴውን ይሆናል። እንቅስቃሴውንም አጭርና ዝግ ያለ አድርጉት። ካሜራው ብዙ በዞረ ቁጥር መተግበሪያው ፎቶው ላይ የሌለውን ጎን መገመት አለበት።

ቆዳው ላይ የታተመ የሱቅ ስም ካለ፣ በተለይ በአማርኛ ፊደል ከሆነ፣ እንቅስቃሴ ሲጀመር ፊደሎቹ ብዙ ጊዜ ይቀልጣሉ። ስም የሌለውን ጎን አሳዩና ስሙን በመጨረሻ በኤዲቲንግ ጻፉት።