የአንድ ሰሃን ዓሣ ጉላሽ ስንት ያወጣል?

ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ ጉላሽ ለሚሸጥ ሰው ሒሳቡ የሚዛባው ዓሣው ላይ ነው። ለስሌት ያህል 4 ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ፣ ኪሎውን በ300፣ በጠቅላላው በ1,200 ብር ተገዛ እንበል። ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና አጥንቱ ወጥቶ ሲመዘን የቀረው ሥጋ 1.5 ኪሎ ብቻ ነው። የተከፈለው ዋጋ የሚካፈለው ለዚህ ለቀረው ሥጋ ነው፤ 1,200 ለ1.5 ሲካፈል የንጹሑ ሥጋ ኪሎ 800 ብር ይሆናል። ለአንድ ሰው 200 ግራም ከገባ፣ የዓሣው ወጪ 160 ብር ነው። በገበያው ዋጋ ያሰበ ግን 60 ብር ብሎ ይጽፍና ትርፉ የት እንደገባ ይፈልጋል። ጭንቅላቱ ለሾርባ ከተሸጠ፣ ያ ገንዘብ አስቀድሞ ከ1,200 ይቀነሳል።

ዘይቱ ቀላል ነው። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን 1,500 ብር ከሆነ፣ ለአንድ ሰሃን የገባው 50 ሚሊ ሊትር 15 ብር ያወጣል። ሽንኩርቱ እንደ ዓሣው ነው፤ የሚመዘነው ከተላጠ በኋላ ነው።