ኔጌቲቭ ስለሆነ ብቻ መልስ አይሰረዝም፤ የሎጋሪዝም እኩልታ መልስ ሲጣራ

«ቲቸር፣ 5 እና −1 ወጡልኝ። −1 ኔጌቲቭ ስለሆነ ሰረዝኩት፣ 5ን መለስኩ። ለምንድነው ስህተት የተባልኩት?»

እኩልታው ይህ ነበር፦

log₂(3 − x) + log₂(1 − x) = 3

ይህን ዓይነት ጥያቄ በሰጠሁ ቁጥር ያው መልስ ይመጣልኛል። ስሌቱን ብዙዎቹ በደንብ ይሠሩታል። የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። «የኔጌቲቭ ሎግ የለም» ይሉና ኔጌቲቭ የሆነውን x ይሰርዛሉ። መስማቱ በእውነት ሰልችቶኛል፤ ምክንያቱም አባባሉ ራሱ ልክ ነው፣ የሚውልበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ኔጌቲቭም ዜሮም መሆን የማይችለው በሎጉ ቅንፍ ውስጥ ያለው ነገር ነው። የ x ምልክት ለብቻው ምንም አይወስንም፤ የሚወስነው ቅንፉ ውስጥ x ብቻውን ሲቀመጥ ነው።

እስኪ እንሥራው። ቤዛቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሎጎች ሲደመሩ የብዜቱ ሎግ ይሆናሉ፦

log₂[(3 − x)(1 − x)] = 3

ስለዚህ (3 − x)(1 − x) = 2³ = 8 ነው። ቅንፉን አባዝተን 8ን ስናሻግር x² − 4x − 5 = 0 እናገኛለን። ይህ ደግሞ (x − 5)(x + 1) = 0 ነው። እጩዎቻችን 5 እና −1 ናቸው።

መጀመሪያ −1ን እንተካ። 3 − (−1) = 4፣ 1 − (−1) = 2። log₂4 = 2፣ log₂2 = 1፣ ድምራቸው 3። ልክ ነው። አሁን 5ን እንተካ። 3 − 5 = −2፣ 1 − 5 = −4። ሁለቱም ቅንፎች ኔጌቲቭ ሆኑ፤ ሁለቱም ሎጎች የሉም። የሚሰረዘው 5 ነው፣ የሚቀረው −1 ነው።

«እንግዲያው 5 የመጣው የሆነ ቦታ ተሳስቼ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ስሌቱ ንጹሕ ነው። 5 የገባው ሎጎቹን ስናጣምር ነው። ተለያይተው ሳሉ እያንዳንዱ ቅንፍ በራሱ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። የመጀመሪያው x < 3 ይላል፣ ሁለተኛው x < 1 ይላል፤ ሁለቱን የሚያሟላው x < 1 ነው። ከተጣመሩ በኋላ ግን ብዜቱ ፖዘቲቭ ከሆነ በቂ ነው። የሁለት ኔጌቲቭ ቁጥሮች ብዜት ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ከ3 የሚበልጡ ቁጥሮችም አሁን ተፈቀዱ። 5 ከነሱ አንዱ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ተማሪ ይስተዋል። «አጣርቻለሁ ግን አለፈልኝ» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ያጣራው በተጣመረው እኩልታ ነው። እዚያ 5ን ብትተካ (−2)(−4) = 8፣ log₂8 = 3፤ እርግጥ ያልፋል። ማጣራት ያለብህ መጀመሪያ በተሰጠህ እኩልታ ነው። እኔ ተማሪዎቼን ሥራ ሳይጀምሩ ዳር ላይ x < 1 ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። መጨረሻ ላይ እጩዎቹን ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው፤ አልጀብራው ልክ ከሆነ ሎጉን እንደገና ማስላት እንኳ አያስፈልግም።

«ሁለት መልስ ከወጣ አንዱ የግድ ይወድቃል» የሚለውም ስህተት ነው። log₂x + log₂(6 − x) = 3ን ፍቱት፤ 2 እና 4 ይወጣሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ቢያንስ አንዱ ይተርፋል» የሚለውም እንዲሁ። log(x − 5) = log(2x − 3) ላይ x = −2 ብቻ ይወጣል፤ ሁለቱም ቅንፎች −7 ስለሚሆኑ መፍትሔ የለውም።

የመጨረሻው «ካጣራሁ ምንም አያመልጠኝም» የሚለው ነው። ማጣራት ትርፍ መልስን ያስወጣል እንጂ የጠፋን መልስ አይመልስም። log₂(x²) = 4 ሲሰጣቸው 2ን ወደ ፊት አውጥተው 2log₂x = 4 ይጽፋሉ፣ x = 4 ያገኛሉ፣ ያጣራሉ፣ ያልፋል። −4 ግን የለም። (−4)² = 16፣ log₂16 = 4 ስለሆነ እሱም መልስ ነበር። እዚህ የሆነው የቅድሙ ተቃራኒ ነው። log₂(x²) ከዜሮ በቀር ማንኛውንም x ይቀበላል፣ 2log₂x ግን ፖዘቲቭ የሆነውን ብቻ። ስለዚህ ሙሉ ቁጥር የሆነ ጥንድ ፓወር ወደ ፊት ስታወጡ ውስጡን በአብሶሉት ቫልዩ ጻፉት፦ 2log₂|x| = 4፣ |x| = 4፣ x = 4 ወይም x = −4።