«ስም ካልጻፉ ማን ያውቃቸዋል?» ተማሪዎችን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ስንጠይቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ከስድስት ኪሎ የሚነሱ ተማሪዎች መጠይቃቸውን ይዘው በአቅራቢያ ወዳሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይወርዳሉ። ልጆች ቲክቶክ ላይ ስንት ሰዓት ያሳልፋሉ? ቴሌግራም ላይ ማንን ይከታተላሉ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ስለ ስልኳ ስትናገር ስለ ቤቷ፣ ስለ ጓደኞቿና ከሰው ስለደበቀችው ነገርም እየተናገረች ነው። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው።

«የትብብር ደብዳቤ አለኝ። ርዕሰ መምህሩም ፈቅደዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?»

ደብዳቤው የሚከፍተው የግቢውን በር ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ መፍቀድ የሚችሉት ወደ ክፍል እንድትገቡ ነው። ልጆቹን ወክለው «ይመልሳሉ» ማለት አይችሉም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ይሁንታ ሌላ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ደግሞ የልጁ የራሱ እሺታ አለ። ወላጅ ፈቅዶ ልጁ ካልፈለገ፣ አለቀ፣ አይጠየቅም።

የወላጅ ፈቃድ ላይ አንድ የተለመደ አቋራጭ አለ። «የሚቃወም ወላጅ ብቻ ፈርሞ ይመልስ» የሚል ወረቀት በልጆቹ በኩል ይላካል። ችግሩ ግልጽ ነው። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የቀረበት ልጅ ሁሉ እንደተፈቀደለት ይቆጠራል። እናቱ ማንበብ የማትችል ልጅም እንደዚያው። ስለ ልጁ የግል ሕይወት የምትጠይቁ ከሆነ የፈቀደው ወላጅ ነው መፈረም ያለበት። ማንበብ ለሚያስቸግረው ወላጅ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ፣ ምስክር ባለበት፣ በቃል ማስረዳት ይቻላል።

ይሄ ዋጋ እንዳለው አልደብቅም። የሚመለሰው ወረቀት ያንሳል። የሚመልሱትም ብዙውን ጊዜ ልጆቻቸውን በቅርብ የሚከታተሉ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ናሙናው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ለዚህ የሚሻለው ከመጀመሪያው ብዙ ክፍሎችን መውሰድ፣ አንድ ሁለቴ ማስታወስ፣ ስንት ወረቀት ተልኮ ስንት እንደተመለሰም በጽሑፉ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ ነው።

የልጁ እሺታ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው የሚፈተነው። መምህሩ ፊት ለፊት ቆመው «በሉ ልጆች፣ ቶሎ ቶሎ ሙሉ» ካሉ ነገሩ የክፍል ሥራ ሆነ ማለት ነው። 45 ተማሪ ካለበት ክፍል አንድም እምቢ ያለ፣ አንድም ጥያቄ የዘለለ ካልተገኘ ደስ አይበላችሁ። እምቢ ማለት እንደሚቻል አልገባቸውም ማለት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መምህሩ ይውጡ። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አስረዱ፦ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ የማይፈልጉትን መዝለል እንደሚችሉ፣ ከማርክ ጋር እንደማይገናኝ። ወላጅ ላልፈቀደላቸው ልጆች በመልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ግላዊ ጥያቄ የሌለበት ወረቀት ስጡ። ሁሉም አጥፎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ባዶውን የሚያስገባም ያስገባ። ማን እንደሞላና ማን እንዳልሞላ ከሩቅ መለየት የለበትም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ስም የሌለው ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ «የኔን መልሱልኝ» ማለት አይቻልም። ይህን ከመሙላታቸው በፊት ንገሯቸው።

«ስም አላስጻፍኩም፤ ስለዚህ ማንም ሊያውቃቸው አይችልም።»

አንድ ክፍል በምሳሌ እንይ። 42 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ እንበል። መጠይቁ ስም አይጠይቅም። ግን መግቢያው ላይ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ «ከማን ጋር ትኖራለህ/ትኖሪያለሽ?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉት። ማንም ሰው ከለመደው መጠይቅ ገልብጦ የሚያስቀምጣቸው ናቸው።

አሁን እንቁጠር። ከ42ቱ 23ቱ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ 17 ዓመት የሞላቸው 4 ናቸው። ከ4ቱ ከአክስቷ ጋር የምትኖረው 1 ናት። ክፍሉን የሚያውቅ ሁሉ ይህቺን ልጅ ያውቃታል፤ ስሟን ለማወቅ ወረቀቱ ላይ ማየት አያስፈልገውም። ከዚያ በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። «ቤተሰብ የማያውቀው ሁለተኛ አካውንት አለሽ?» አዎ። «የማታውቂው ሰው በውስጥ መስመር ጽፎልሽ ያውቃል?» አዎ። «መልሰሽለታል?» አዎ። በቃ፣ ልጅቷ ተጋለጠች።

ይህ በአንድ ትንሽ ክፍል ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ አጥኚዎች የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎችን የፌስቡክ መረጃ፣ ስማቸውን ሰርዘው፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች አቀረቡ። የኮሌጁንም ስም አልጠቀሱም ነበር። ይሁንና ስለ መረጃው የተጻፈውን ማብራሪያና በውስጡ የተዘረዘሩትን የትምህርት ዘርፎች ያዩ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ኮሌጁ ራሱ ሃርቫርድ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ በመረጃው ውስጥ ከአንድ አካባቢ ብቻቸውን የመጡ ተማሪዎች ማንነት አደጋ ላይ ወደቀ።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ለእያንዳንዱ የመግቢያ ጥያቄ «ይህን ካላወቅኩ የትኛው የጥናት ጥያቄዬ ሳይመለስ ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አውጡት። ወረዳው ብዙ ጊዜ ይወጣል። ዕድሜ አስፈላጊ ከሆነ «14–15» እና «16–17» ብሎ መመደብ ይበቃል። ሠንጠረዥ ስትሠሩ ከ5 ሰው በታች የያዘ ሣጥን ካለ ከጎኑ ካለው ጋር አዋህዱት። 5 የሚለው ቁጥር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ክፍሉ ሲያንስ ከዚያም ከፍ ማድረግ ይቻላል። የትምህርት ቤቱ ስምም በጽሑፉ ላይ፣ በምስጋናው ገጽ ላይም ጭምር፣ አይግባ። ምስጋናው ላይ ርዕሰ መምህሩን በስም አመስግኖ ውስጥ ገብቶ «ትምህርት ቤት ሀ» ማለት ትርጉም የለውም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ሳይታዩ ያልፋሉ። አንደኛው የእጅ ጽሑፍ ነው። መምህር የተማሪውን ጽሕፈት ያውቃል። በወረቀት ላይ ሰፊ መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ ካለ ወረቀቱን መሰብሰብ ያለበት አጥኚው ነው፤ መምህሩም የክፍል አለቃውም አይደሉም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። Google Forms እያንዳንዱ መልስ የገባበትን ሰዓት በራሱ ይመዘግባል። ክፍል ውስጥ ማን ቀድሞ ጨርሶ እንደወጣ ያየ ሰው ከዚያ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ኢሜይል የሚሰበስበው ማስተካከያ መጥፋቱን አረጋግጡ። ከዚያም የሰዓቱን አምድ ትንተና ከመጀመራችሁ በፊት አጥፉት።

ርዕሰ መምህሩ «ልጆቻችን ምን እንዳሉ ጥሬውን ላክልን» ሊሉ ይችላሉ። በቅንነት ነው የሚጠይቁት፤ ልጆቹን መርዳት ይፈልጋሉ። ግን ልጆቹ የመለሱት ለጥናቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ነው የሚለው። የተጠቃለለ ውጤት እንደምትሰጧቸው ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ጥሬው እንደማይሰጥም እንደዚሁ።

«ዕድሜያቸውን አካውንታቸው ላይ አያለሁ። ከ13 በታች የሆነ ደግሞ አካውንት መክፈት ስለማይችል አያሳስበኝም።»

ቲክቶክም ፌስቡክም ዝቅተኛ ዕድሜ ብለው ያስቀመጡት 13 ነው። ልጆች ግን ዓመቱን ቀይረው ይገባሉ። እኛ አገር ደግሞ ሆን ተብሎ ሳይዋሽም ይሳሳታል። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የሚያውቀውን «2005» ብሎ ቢያስገባ መተግበሪያው በፈረንጅ ቆጠራ ወስዶ ሰባት ስምንት ዓመት ትልቅ ያደርገዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አካውንቱ ላይ ሃያ ይሞላዋል። ስለዚህ አካውንት ላይ በተመዘገበ ዕድሜ «አዋቂዎችን ነው የጠየቅኩት» ማለት አይቻልም። በመጠይቁም «ስንት ዓመት ሞላህ/ሞላሽ?» ብሎ መጠየቅ የትውልድ ዓመት ከማስጻፍ ይሻላል።

«ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ነገር ይፋ ነው፤ ብጠቅሰው ምን ችግር አለው?»

ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል ላይ አንድ የሚዲያ ተቋም የለጠፈው ዜና አንድ ነገር ነው። በሊንክ ብቻ የሚገባበት የተማሪዎች ግሩፕ ሌላ ነው። ሊንኩ ስለደረሳችሁ ብቻ ግሩፑ ይፋ አይሆንም። ክፍት በሆነውም ቢሆን ልጅ የጻፈችውን አስተያየት ቃል በቃል አትጥቀሱ። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ መፈለጊያው ላይ ያስገባ ሰው ከነስሟና ከነፎቶዋ ሊያገኛት ይችላል። ስሟን «ተሳታፊ 7» ብትሉትም ያው ነው። ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ ከዚያ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንደማይገኝ አረጋግጡ።

«ምስጢራችሁን ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ምንም ቢነግሩኝ ከኔ አይወጣም።»

ይህ ቃል በደግነት ይገባል፤ ግን ሁልጊዜ የሚጠበቅ ቃል አይደለም። በቃለ መጠይቅ መሃል አንዲት ልጅ «አንድ ሰው ፎቶዬን ይዞ ያስፈራራኛል፣ ካላገኘሁሽ እለቀዋለሁ ይለኛል» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ዝም ማለት ልጅቷን ለአደጋ መተው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ይላል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የምትሉት ይህን ይምሰል፦ «የነገርሽኝን ለሌላ ሰው አልናገርም። አንቺ ወይም ሌላ ልጅ አደጋ ላይ እንዳላችሁ ከተረዳሁ ግን ሊረዳ ለሚችል ሰው መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ግን ለአንቺ እነግርሻለሁ።» ይህን ሰምታ ላለመናገር ከመረጠች፣ ምርጫዋ ነው።

በቡድን ውይይት ደግሞ የምትጠብቁት የራሳችሁን አፍ ብቻ ነው። ስድስት ልጆች አብረው ሰምተዋል። ስለዚህ በቡድን «ጓደኞቻችሁ ምን ያደርጋሉ?» እንጂ «አንተ ምን ደርሶብሃል?» አይጠየቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሠራት ያለበት ሥራ አለ። መጠይቁ ሳይታተም ለትምህርት ቤቱ ጉዳዩን የሚይዝ አማካሪ ማን እንደሆነ ጠይቁ። የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ አግኙ፣ ማን እንደሚቀበል እወቁ። ልጅቷ ስትነግራችሁ ጥያቄውን አቁሙ። ዝርዝሩን ለማውጣት አትመርምሯት፣ ፎቶውንም እንድታሳያችሁ አትጠይቁ። በቀጥታ ወደ ቤት መደወልም ሊጎዳት ይችላል፤ የሚያስፈራራት የቤት ሰው ሊሆን ይችላልና። ከማን ጋር ብትነጋገር እንደሚቀላት ጠይቋት፣ አብራችሁ ሂዱ። የጠየቃችኋትን ወረቀት ደግሞ ከጥናቱ መረጃ ለዩት፤ ከሌሎቹ ጋር ተቆጥሮ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳይገባ።