የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ባሕር ዳር ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ፀሐዩን ስለሚመልስ ቀለም አያስፈልገውም።»

ማብረቅረቁ እውነት ነው፤ ከፀሐዩ ብርሃን የተወሰነውን ይመልሳል። ችግሩ የቀረውን ሙቀት ይዞ መቆየቱ ነው። እርቃን ዚንክ የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ መልሶ የመልቀቅ አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ ከኮርኒሱ በላይ እንደ ጋለ ምጣድ ይቀመጣል። ነጭ ቀለም ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከፀሐዩ 70 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ የያዘውንም ቶሎ ይለቃል። ዝገት የበላው አሮጌ ቆርቆሮ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ለመለየት ቀላል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ እጅዎን ኮርኒሱ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ ባለ ግድግዳ ላይ ያድርጉ። ኮርኒሱ ግልጽ ሆኖ ከሞቀ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከጣሪያው ነው።

«ማንኛውም ነጭ ቀለም ይሠራል።»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ከሥሩ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት ክረምቱ ሲያልፍ እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር አንድ ጊዜ፣ በላዩ ላይ ደግሞ በውሃ የሚቀጠን የውጭ አክሪሊክ ቀለም ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል። አዲስ ቆርቆሮ ቅባት ስላለበት ቀድሞ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ። የዛገው ቦታ በብረት ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ።

8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነን ቤት እንውሰድ። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ሲል፣ የቁልቁለቱና የቆርቆሮው ሞገድ ሲጨመር፣ የሚቀባው ስፋት ወደ 75 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሊትር 8 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ቢባል፣ ለሁለት ቅብ 19 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። ሥራው ለጥቅምትና ለኅዳር ይመቻል፤ ዝናቡ ቆሟል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት ጀምረው፣ ቆርቆሮው ሳይጋል ያቁሙ። በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ሳይጣበቅ ይደርቃል። ሲራመዱ ማገሩ ባለበት፣ ማለትም በምስማሩ መስመር ላይ ይርገጡ።

«ከኮርኒሱ በላይ ቀዳዳ ከተተወ ሙቀት ያስገባል፤ ሁሉንም መዝጋት ነው።»

ተዘግቶ የተቀመጠ አየር ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ማምሻውንም ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። መውጫ ካገኘ ግን ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ነገር ግን መግቢያው ዝቅ፣ መውጫው ከፍ ማለት አለበት። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ሆነው ነፋስ ከሌለ አየሩ አይንቀሳቀስም።

የተለመደው መመዘኛ፣ ክፍት ቦታው በድምሩ ከኮርኒሱ ስፋት አንድ መቶ ሃምሳኛ እንዲሆን ነው። ለዚህ ቤት 0.32 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ከታች፣ ግማሹ ከላይ። የትንኝ ወንፊት ግን የቀዳዳውን ግማሽ ያህል ስለሚበላ ሁሉንም በእጥፍ ያድርጉት። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ከጣሪያው ጠርዝ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ በድምሩ 16 ሜትር ርዝመት መተው ታችኛውን ይሞላል። በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ጫፍ ላይ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ አንድ መስኮት ላይኛውን ይሞላል። መስኮቶቹ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቁ ጣውላዎች ይኑሯቸው፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ኮርኒሱን ያበላሻል። ወንፊቱን አቧራና የሸረሪት ድር ስለሚደፍነው በዓመት አንዴ ይጠረግ፤ የሌሊት ወፍም እንዳይገባ ጠርዙ በደንብ ይያዝ።

ይህ ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። አየሩ ቢወጣም የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ኮርኒሱ ይረጫል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቀለሙ ይቅደም።

«ምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት መጋረጃ ይበቃዋል።»

መጋረጃ ፀሐዩን የሚያቆመው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ገብቷል። ጥላው ከውጭ መሆን አለበት። ከላይ የሚወጣ ጣሪያም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ በሚያዝያ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ ከ30 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። 1.2 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ለመጋረድ ጣሪያው 2 ሜትር ያህል መውጣት ይኖርበታል። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከላይ እስከ ታች የሚንጠለጠል የቀርከሃ ወይም የደንገል ምንጣፍ ግን ሥራውን ይሠራል፤ በመሃል ያለው አየር ስለሚተነፍስ ሙቀቱ አይታፈንም። ደንገል ዝናብ ላይ ይበሰብሳል፤ ሰኔ ላይ ይጠቅለል።

«ሰሜን በኩል ፀሐይ አትመጣም።»

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በጣም ከፍ ብላ ስለምትሄድ ግን ግማሽ ሜትር የወጣ ጣሪያ ይበቃታል። የሐይቁ የቀን ነፋስ በዚሁ በሰሜን በኩል ስለሚመጣ መስኮቱን ጠብቀው ይተዉት፤ አይድፈኑት።