ዲፖዚትና ቅድሚያ ኪራይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋሼ፣ ሰላም ዋሉ። ውሉ ላይ ‹ተከራይዋ የ3 ወር ዲፖዚት ከፍላለች› ይላል። ዲፖዚት ማለት ቅድሚያ ኪራይ ማለት ነው? ከሆነ እስከ 4ኛው ወር ኪራይ አልከፍልም ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ስወጣ ይመለስልኛል? ወሩ ሳይደርስ ብንነጋገርበት ብዬ ነው።»

አንድ አይደሉም። ውሉን ያበላሸሁት ግን እኔው አከራዩ ነኝ። ከወዳጄ የቆየ ውል ላይ ገልብጬ፣ ስምና ቀን ብቻ ቀይሬ ነው ያስፈረምኳት። በቃል የተስማማነው የ2 ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ የ1 ወር ደግሞ መያዣ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሦስቱንም «ዲፖዚት» ብዬው አረፍኩ። ለጥያቄዋ መልስ ሰጥቻታለሁ፤ እግረ መንገዴን ግን እኔም ስሳሳትባቸው የኖርኩትን ነገሮች ላንሳ።

«በአንድ ቀን የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ አንድ ነው»

እውነታው፦ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው። ቅድሚያ ኪራይ ወሩ ሲደርስ ይበላል፣ የአከራዩ ይሆናል። ዲፖዚት ወይም መያዣ ግን እኔ ጋ ቢቀመጥም የእሷ ነው። ያልተከፈለ ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ ወይም የተሰበረ ዕቃ ከሌለ ይመለሳል።

ኪራዩ በወር 100፣ ውሉም የ1 ዓመት ነው እንበል። ስትገባ 300 ከፍላለች። 300ው ሁሉ ቅድሚያ ኪራይ ከሆነ ከ4ኛው ወር ጀምራ ትከፍላለች፣ ስትወጣ የሚመለስ የለም። ሁሉም መያዣ ከሆነ ከ1ኛው ወር ጀምራ ትከፍላለች፣ ስትወጣ 300 ይመለስላታል። በእኛ ስምምነት ከ3ኛው ወር ትጀምራለች፣ ስትወጣ 100 ታገኛለች። የሚመለስላትን ቀንሳችሁ ደምሩት፤ በሦስቱም መንገድ ከኪሷ የወጣው በመጨረሻ 1,200 ነው። ብዙ ሰው ልዩነቱ የማይታየው ለዚህ ይመስለኛል። ልዩነቱ የሚወጣው የሆነ ነገር ሲበላሽ ወይም ተከራዩ ከጊዜው በፊት ሲለቅ ነው።

«የመጨረሻውን ወር ከዲፖዚቱ ያዙት»

ይህችን ያልሰማ አከራይ ያለ አይመስለኝም። እኔም ተከራይ እያለሁ ብያታለሁ።

እውነታው፦ መያዣው ኪራይ ከሆነ መያዣነቱ አበቃ። አንድ ተከራዬ እንዲህ ብሎኝ እሺ አልኩት። ወሩ አልቆ ቁልፍ ሲያስረክበኝ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ የሁለት ወር የውሃ ሒሳብም አልተከፈለም። ከምን ልቀንስ? እኔ ጋ የቀረ ገንዘብ የለም። እሱም ቢሆን አልተጠቀመም፤ በስልክ ስንነታረክ ከረምን። የመጨረሻው ወር ኪራይ ቀድሞ እንዲከፈል ከተፈለገ «የመጨረሻ ወር ኪራይ» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ያኔም ቢሆን በመሃል ኪራይ ቢጨምር ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን አብሮ ቢጻፍ ይሻላል።

«ዲፖዚቱ ለቀለም ነው»

እውነታው፦ ሰው ሲኖርበት ቤት ያረጃል። የደበዘዘ ቀለም፣ ሰው የሚመላለስበት ላይ የሳሳ ወለል፣ ይህ እርጅና ነው፣ ወጪውም የአከራዩ ነው። የተሰነጠቀ መስታወት ወይም የተነቀለ ቧንቧ ግን ጉዳት ነው፣ ከመያዣው ይቀነሳል። ሲቀነስም በግምት ሳይሆን በጥገናው ደረሰኝ ልክ ነው። ችግሩ፣ ስትገባ የነበረውን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ቁልፍ የምትረከቡ ቀን ፎቶ አንሱ፣ ያኔውኑ ለአከራዩ ላኩለት፣ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል።

«ዲፖዚት ከተባለ የግድ ይመለሳል»

እውነታው፦ ስሙ ብቻውን አያድንም። «የማይመለስ ዲፖዚት» የሚል ውል አይቻለሁ፤ መያዣ ሊባል አይችልም፣ በሌላ ስም የተጠየቀ ክፍያ ነው። ቀብድም ሌላ ነገር ነው፤ ሳይገቡ በፊት ለስምምነቱ ማጽኛ የሚሰጥ ነው። ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለና መቼ እንደሚመለስ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ከሌለ አስጽፉ።

እኛም ይህን ጽፈን ከውሉ ጋር አያያዝነው፦ «ከተከፈለው የ3 ወር ክፍያ ውስጥ የ2ቱ ወር የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ኪራይ ነው። የ1 ወሩ መያዣ ሲሆን፣ ዕዳና ጉዳት ካለ በደረሰኝ ተቀንሶ ቁልፍ ከተመለሰ በ15 ቀን ውስጥ ለተከራይዋ ይመለሳል።» 15 ቀን ያልኩት የመጨረሻው የመብራትና የውሃ ሒሳብ እስኪመጣ ብዬ ነው።

ፈርሜ ሰጠኋት። እሷ ከመፈረሟ በፊት ከሥር አንድ መስመር ጨመረችበት፦ «የወጥ ቤቱ መስኮት ስንጥቅ ስገባ የነበረ ነው።» ሄጄ አየሁት፣ እውነትም ነበረ። እዚያ መስመር ላይም ፈረምኩ።