የቆየ የእጅ ሰዓትን በፎቶ መለየት ምንድን ነው?

በፎቶ መለየት የሚባለው ሰዓቱን ሳይከፍቱ በገጹ፣ በመሙያውና በኋላ ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቅርጽ አንብቦ የማን ሥራ፣ የትኛው ሞዴል፣ የየትኛው ዘመን ምርት እንደሆነ መናገር ነው። ዋጋ መገመት ከዚህ የተለየ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ባለቤቱም ገዢውም ይከፋሉ። ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለማየት ከሴኮ ፋይቭ የተሻለ አይገኝም፤ ምክንያቱም ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ባሉ ቤቶች የአባት ሣጥን ሲከፈት ሊወጡ ከሚችሉት ሰዓቶች አንዱ እርሱ ነው፤ የጃፓኑ ኩባንያ ቁጥሩን የሚጽፍበት ዘዴም ከብዙዎቹ ይልቅ ለንባብ ይቀላል።

ሰበታ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት የአባቷን ሰዓት ለመሸጥ ሦስት ፎቶ አንሥታለች እንበል። ቤተሰቡ ሰዓቱ በ1957 ዓ.ም. እንደተገዛ ያምናል። በኋላ ክዳኑ ላይ 6119-8083 የሚል ቁጥር፣ ከእርሱ ሌላ ደግሞ 273461 የሚል ባለ ስድስት አኃዝ ተራ ቁጥር ይነበባል። ከመጀመሪያው ቁጥር ፊተኞቹ አራት አኃዞች ውስጥ ያለውን ማሽን፣ ኋለኞቹ አራቱ የውጭውን አካል ይነግራሉ። በተራ ቁጥሩ ላይ የመጀመሪያው አኃዝ የምርት ዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ወር ነው፤ ስለዚህ 27 ማለት በ2 የሚያልቅ ዓመት ሰባተኛ ወር ነው። አሥርቱ ዓመት ግን አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. 1962 ሊሆን አይችልም፤ ሴኮ ፋይቭ የተጀመረው በ1963 ነውና። 1982ም ሊሆን አይችልም፤ በዚያን ጊዜ 6119 የተባለው ማሽን ምርቱ ቆሞ በሌሎች ተተክቷል። የሚቀረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1972 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሰኔና የሐምሌ 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቤተሰቡ ትዝታ በሰባት ዓመት ገደማ ቀድሟል ማለት ነው፤ ይህ ያልተለመደ አይደለም፤ አባትየው ከዚህ በፊት ሌላ ሰዓት አሥረውም ይሆናል።

ክዳኑ ላይ የላብ ጨው የቁጥሮቹን ጠርዝ ስለሚበላው 3 እና 8፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ። ፍላሽ ተጠቅሞ ከላይ ማንሣት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ከመወርወር በቀር ጥቅም የለውም። በመስኮት አጠገብ ክዳኑን አዘንብሎ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው ቢደረግ የቁጥሩ ጎድጓዳ ጥላ ይጥላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጡ ማንሣት ክዳኑን በብረት ከመፈግፈግ እጅግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ያገኘነው ዘመን የክዳኑ ዘመን ነው። ክዳን በአንድ መፍቻ ተፈትቶ ተመሳሳይ አካል ባለው ሌላ ሰዓት ላይ ይገጠማል። ዕድሜውን ለሰዓቱ ሁሉ ለመስጠት ገጹም መስማማት አለበት።

በሴኮ ገጽ ግርጌ፣ ከስድስት ቁጥር ሥር መስታወቱ ጠርዝ አጠገብ፣ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የገጹ መለያ ይህ ነው፤ የፊተኞቹ አራት አኃዞች ገጹ የተሠራለትን ማሽን ያሳያሉ። ኋለኞቹ ከክዳኑ ጋር ባይመሳሰሉ ችግር የለውም፤ ፊተኞቹ ግን ሊመሳሰሉ ይገባል። በሰበታው ሰዓት ላይ ፎቶው ሰፋ ተደርጎ ሲታይ 7009 ይላል። 7009 ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠራ፣ የክፍሎቹን ፍትጊያ የሚቀንሱ 17 ድንጋዮች ያሉት ሌላ ማሽን ነው፤ 6119 ባለ 21 ድንጋይ ነበር። ስለዚህ ወይ ገጹ ብቻ ተለውጧል፣ ወይ ማሽኑም ከገጹ ጋር ተለውጦ በአሮጌው አካል ውስጥ ገብቷል። (ጽሑፉ ፈጽሞ ባይኖር ወይም ፊደሉ ወፍሮ ቢጠማዘዝ፣ ቀለሙም ከልክ በላይ ቢያብረቀርቅ፣ ገጹ እንደገና የተቀባ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ከሕንድ ገበያ የሚመጡ እንዲህ ያሉ ሴኮዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።)

መሙያው የሚረዳው እዚህ ነው፤ ፎቶው ከሚያሳየው ይልቅ እጅ የሚያገኘው ይበልጣል። ፎቶው መሙያው በአራት ቁጥር አቅጣጫ ግማሽ ያህሉ ወደ አካሉ ገብቶ መቀመጡን ያሳያል፤ ሴኮ ፋይቭ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላ በመሆኑ ፋብሪካው መሙያውን ከእጅ ደበቅ አድርጎታል። ጎልቶ የወጣ መሙያ ከሌላ ሰዓት የመጣ መሆኑን ይጠቁማል። አሠራሩ ግን ከዚህ በላይ ይናገራል፦ በ6119 ቀኑን ለመለወጥ መሙያው ወደ ውስጥ ይጫናል፤ በ7009 አንድ ደረጃ ተስቦ ይዞራል። ባለቤቷ ክዳኑን ሳትነካ ይህን መሞከር ትችላለች፤ ነገር ግን ጠቋሚዎቹ ቀኑ በሚለወጥበት ዙር ከ9 እስከ 4 ባለው መካከል ካሉ መሙያውን መንካት የለባትም፤ ጥርሶቹ ያን ጊዜ ተያይዘዋል። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞሉ ሰዎች ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ መሆኑን ማስታወስ አለባቸው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ጠቋሚዎቹ ያሉበትን ቦታ እንጂ ፀሐይዋን አይደለም።

መሙያው ሲጫን ቀኑ ከዞረ ማሽኑ 6119 ነው፣ የተለወጠውም ገጹ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ መለየት ነው፤ ዋጋው ግን ገና አልተነካም። ዋጋውን የሚወስኑት ክዳኑ ሥር ያሉ ነገሮች ናቸውና። ገጽ ከማሽኑ ጋር የሚያያዘው በጀርባው ባሉ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ነው፤ የማይገጥም ገጽ ሲገባ እግሮቹ ይቆረጡና ገጹ በሙጫ ይለጠፋል፤ ይህ ከፊት በኩል ምንም አይታይም። ያረጀ የውኃ መከላከያ ጎማ ያስገባው እርጥበት ያመጣው ዝገት፣ ከሌላ ሰዓት የተወሰደ ጥርስ፣ በወፍራም ዘይት የተደፈነ ማሽን፣ እነዚህም ከፎቶ ውጭ ናቸው። ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን በድምፅ በሚለካ መሣሪያ ላይ ሲያስቀምጠው 6119 በሰዓት 21,600 ጊዜ መምታት አለበት፤ ከዚያ የሚያፈነግጥበት መጠንና የምቱ ኃይል ማሽኑ ጽዳት ብቻ ወይስ ዕቃ እንደሚያስፈልገው ይጠቁሙታል፤ የጥገናው ወጪም ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

አካሉም እንዲሁ ነው። የተወለወለ ሰዓት በፎቶ ላይ አምሮ ይታያል፤ ባለሙያ ግን በማጉያ የጠርዙን ስለት አይቶ ምን ያህል ብረት እንደሄደ ይለያል፤ ሰብሳቢም ለተጫጫረ ግን ላልተነካ ጠርዝ የበለጠ ይከፍላል። ክዳኑ ላይ የማይዝግ ብረት የሚል ቃል መኖሩ ራሱ ስለ ክዳኑ ብቻ የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ አካሉ ክሮም የተነከረ ተራ ብረት መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያው ተፈትቶ ማሰሪያውን የሚይዙት ቀንዶች ሥር ሲታይ ነው። በኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይ ሰዓት አግኝቶ የተጠየቀበትን ዋጋ መጥቀስም ብዙ አይረዳም፤ የተጠየቀ ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም፣ ያኛው ሰዓት ገጹና ማሽኑ የሚስማሙም ሊሆን ይችላል።

የሰበታው ሰዓት ፒያሳ ወደሚገኝ ሰዓት ሠሪ ሄዶ ሲከፈት ማሽኑ ላይ 6119 ተጽፎ ቢገኝና ገጹ በሙጫ የተለጠፈ ቢሆን ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። ሊያሥረው ለሚፈልግ ሰው፣ ሰዓቱ ደኅና እስከ ሄደ ድረስ፣ ገጹ ብዙም አይቀንሰውም። ለሰብሳቢ ግን የሚሸጠው አካሉ፣ ክዳኑና ማሽኑ ነው፤ ትክክለኛ የ6119 ገጽ ፈልጎ የሚገዛበትን ወጪም ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ማሽኑ 7009 ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ክዳኑ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ. 1972 ከአካሉና ከክዳኑ አያልፍም፤ ሻጯም ለገዢው ይህንኑ መንገር ይኖርባታል።